ግርጌው ተቆርጦ የመጣ ሰንጠረዥ፦ የሪፖርት ሰንጠረዥና ግራፍ አነባበብ

እነዋሪ አካባቢ ከአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ጋር እሠራ በነበረበት ጊዜ ለስንዴ ግዢ ጆንያ ማዘዝ የእኔ ድርሻ ነበር። አንድ ቀን ባልደረባዬ የምርት ሪፖርት ማጠቃለያ ገጽ በስልኩ አንስቶ በቴሌግራም ላከልኝ። ሁለት ዓምድ ያላት ትንሽ ሰንጠረዥ ናት፤ በግራ የቀበሌ ስም፣ በቀኝ ምርታማነት። አንደኛው ቀበሌ ላይ 32 ይላል። ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው።

ቀበሌው 250 ሄክታር ስንዴ እንደዘራ አውቃለሁ። 250ን በ32 አባዛሁ፤ 8,000 ኩንታል መጣ። ግማሹ ለገበያ ይወጣል ብዬ 4,000 ጆንያ አዘዝኩ። በኋላ ስንሰማ የቀበሌው ጠቅላላ ምርት 5,760 ኩንታል ነው። ግማሹ 2,880። የተረፈው 1,120 ጆንያ መጋዘን ውስጥ ተከምሮ ከረመ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ክምሩን አይተው «አንተ ልጅ፣ በረዶ የመታውን ማሳ ማን አጨደልህ?» አሉኝ።

ሪፖርቱ አልዋሸም ነበር። በረዶው ግርጌ ማስታወሻው ላይ ተጽፏል። ፎቶው ግን ግርጌውን ቆርጦታል፣ ሙሉው ሰንጠረዥ ደግሞ አባሪው ውስጥ ነበር። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያ ሥራዬ አንድ ነው፦ ሙሉውን ገጽ ማስላክ። ሰንጠረዡን፣ ከሥሩ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ፣ ሌላ ቦታ የተቀመጠ አባሪ ካለም እሱን። ስክሪንሾት ከሆነ ፋይሉን እጠይቃለሁ።

ያንኑ ከአባሪው የወጣ ሙሉ ሰንጠረዥ እዚህ አቀርበዋለሁ። ለመለማመጃ እንዲመች፣ ከላይ የጠቀስኳቸውን ጨምሮ፣ ቁጥሮቹን ቀይሬ አጠጋግቻለሁ፤ የቀበሌዎቹንም ስም ትቼ 01፣ 02፣ 03 ብያቸዋለሁ። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ፤ ስልክ ላይ ያለው ካልኩሌተር ይበቃል።

ሰንጠረዥ 4፦ በተመረጡ 3 ቀበሌዎች የስንዴ ምርት፣ መኸር 2010/11

| ቀበሌ | የተዘራ (ሄ/ር) | የታጨደ (ሄ/ር) | ምርት (ኩ/ል) | ምርታማነት¹ |
|---|---|---|---|---|
| 01 | 400 | 390 | 11,700 | 30 |
| 02 | 250 | 180* | 5,760 | 32 |
| 03 | 150 | 150 | 3,900 | 26 |
| ድምር | 800 | 720 | 21,360 | 29.3 |

\* በበረዶ የተጎዳ 70 ሄ/ር አልተካተተም።
¹ ከ2010/11 ምርት ዘመን ጀምሮ ምርታማነት የሚሰላው በታጨደ መሬት ነው።

አንዷን ቁጥር ዓረፍተ ነገር አድርጓት

ቁጥሮቹን ከላይ እስከ ታች ከማየታችሁ በፊት አንዷን ብቻ ምረጡና ጮክ ብላችሁ በሙሉ ዓረፍተ ነገር አንብቧት። 32ን እንውሰድ። «በቀበሌ 02፣ በ2010/11 መኸር፣ ከታጨደ አንድ ሄክታር መሬት በአማካይ 32 ኩንታል ስንዴ ተገኘ።» እዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ቦታ፣ ጊዜ፣ አካፋይ፣ መለኪያና ዕቃው አለ። አንዱን መሙላት ካቃታችሁ ሰንጠረዡ አጉድሏል፣ ወይም እናንተ ገና አላያችሁትም።

እኔ ያን ቀን ይህን ብሞክር ኖሮ «ከ… አንድ ሄክታር» ላይ ስደርስ ቆም እል ነበር። ከተዘራው ነው ከታጨደው? የመጨረሻው ዓምድ ርዕስ አይናገርም። «ምርታማነት» ብሎ ያልፋል፤ መለኪያው እንኳን አልተጻፈም። ከጎኑ ያሉት ዓምዶች በሄክታርና በኩንታል ስለሆኑ ኩንታል በሄክታር መሆኑን እንገምታለን። ግምቱን በማካፈል ማረጋገጥ ይቻላል፤ እሱን ወደ ኋላ እናየዋለን።

ዘመኑም ልብ ይባል። 2010/11 ማለት በ2010 ክረምት ተዘርቶ በ2011 የታጨደው ነው፤ ሁለቱም ቁጥር በእኛ አቆጣጠር ነው። የፌዴራል ሪፖርት ላይ ያው መኸር 2018/19 ተብሎ በፈረንጆቹ ይመጣል። ሁለቱን ሪፖርት ጎን ለጎን አስቀምጦ «ከ2011 እስከ 2018 ምን ያህል አደገ» ብሎ የሚጽፍ ሰው አጋጥሞኛል። ያወዳደረው አንድን አዝመራ ከራሱ ጋር ነው።

ቦታውም እንደዚያው። «ሰሜን ሸዋ» የሚባል ዞን ሁለት ነው፤ አንዱ አማራ ክልል ውስጥ ደብረ ብርሃንን ይዞ፣ ሌላው ኦሮሚያ ውስጥ ፍቼን ይዞ። አገር አቀፍ ሰንጠረዥ ላይ ሁለቱም በየክልላቸው ሥር ተመሳሳይ ስም ይዘው ይቀመጣሉ። ስሙን በፍለጋ አግኝታችሁ መጀመሪያ የመጣውን ቁጥር ከመውሰዳችሁ በፊት ወደ ላይ ውጡና በየትኛው ክልል ሥር እንዳለ እዩ።

መለኪያ ላይ ብዙ አልቆይም። «ምርት (በ000 ኩ/ል)» የሚል ካያችሁ ሦስት ዜሮ ጨምሩ። ገበሬው በጥማድ ሲነግራችሁ ሪፖርቱ በሄክታር ነው፤ ብዙ ጊዜ አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ተብሎ ይያዛል፣ ግን ጥማድ በሬ የሚያርሰው እንጂ ሜትር የለካው ስላልሆነ ከቦታ ቦታ ይለያያል።

አካፍላችሁ አረጋግጡ

አሁን ምርቱን ለመሬቱ አካፍሉ። ቀበሌ 01፣ 11,700 ለ390፣ 30። ቀበሌ 02፣ 5,760 ለ180፣ 32። ቀበሌ 03፣ 3,900 ለ150፣ 26። ሁሉም ገጠመ። ስለዚህ አካፋዩ የታጨደው መሬት ነው፤ መለኪያውም ኩንታል በሄክታር ነው። ግርጌ ማስታወሻ 1 ያለው በቁጥር ተረጋገጠ ማለት ነው። ማስታወሻው ባይኖር እንኳ በዚህ መንገድ ራሳችሁ ትደርሱበት ነበር።

ቀጥሎ ያንኑ ምርት ለተዘራው መሬት አካፍሉት። ቀበሌ 01 ወደ 29.3 ዝቅ ይላል፤ ብዙም አልተነካም። ቀበሌ 03 ያው 26 ነው፤ የዘራውን ሁሉ አጭዷል። ቀበሌ 02 ግን 5,760 ለ250 ሲካፈል 23 ይሆናል። በታጨደ መሬት አንደኛ የነበረው ቀበሌ በተዘራ መሬት መጨረሻ ሆነ! የእኔ 1,120 ጆንያ እዚህ ነው ያለው። በታጨደ መሬት የተሰላ ቁጥር ይዤ ከተዘራ መሬት ጋር አባዛሁት።

አንዱ ስሌት ልክ ሌላው ስሕተት ነው ማለት አይደለም። ዘሩ ወይም ማዳበሪያው ሠርቷል ወይ ብሎ ለሚጠይቅ ባለሙያ በረዶ ያልነካው ማሳ ይሻለዋል። ስንት እህል ገበያ ይወጣል ለሚል ገዢ ግን የተዘራው ነው የሚበጀው፤ በረዶ የወሰደው ማሳም ዘር በልቷል፣ ገበሬውም ከእሱ ይጠብቅ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ሳይነገር ቀርቷል። ቀበሌ 01 ላይ 400 ተዘርቶ 390 ታጭዷል። አሥሩ ሄክታር የት ሄደ? ኮከብ ምልክት የለውም። ዋልካ አፈር ላይ ውሃ ተኝቶበት ሊሆን ይችላል፣ ከብት በልቶት ሊሆን ይችላል፣ የጽሑፍ ስሕተትም ሊሆን ይችላል። ጥያቄ ምልክት አድርጋችሁ እለፉ።

አሁን ወደ ድምር ረድፍ። 21,360 ለ720 ሲካፈል 29.7 ነው። ሰንጠረዡ ግን 29.3 ይላል። ከየት መጣ? 30፣ 32 እና 26ን ደምሩና ለሦስት አካፍሉ፤ 29.3። አዘጋጁ የሦስቱን ቀበሌ ምርታማነት በቁሙ አማካይ ወስዷል፤ 390 ሄክታርና 150 ሄክታር እኩል ድምፅ አገኙ። እዚህ ልዩነቱ ትንሽ ነው። የቀበሌዎቹ ስፋት በጣም ሲራራቅ ግን ጉዱ ይፈላል። ይህ በኤክሴል ሪፖርት የሚሠራ ሰው የየዕለት ስሕተት ነው። ዓምዱን ወደ ታች ስቦ አማካይ ይወስዳል። ስለዚህ በየትኛውም ሰንጠረዥ ላይ የድምር ረድፉን ምጣኔ ሁልጊዜ ከድምር ምርትና ከድምር መሬት እንደ አዲስ አስሉት።

ግራፉ ላይ ባሮቹን ሸፍኑ

የዚያው ሪፖርት ፊተኛ ገጽ ላይ ግራፍ ነበር። «ሥዕል 1፦ የስንዴ ምርታማነት ዕድገት»። ሦስት ባር፦ 2008/09 ላይ 27፣ 2009/10 ላይ 28፣ 2010/11 ላይ 29.3። ስብሰባ ላይ ፕሮጀክተር ሲበራ መጀመሪያ የታየው ይህ ነው። የመጨረሻው ባር ከመጀመሪያው ሦስት እጥፍ ይበልጣል። ሰው ሁሉ ደስ አለው።

ግራፍ ስታዩ ባሮቹን በእጃችሁ ወይም በወረቀት ሸፍኑና በግራ በኩል ያለውን ቋሚ መስመር ብቻ ከታች ወደ ላይ አንብቡ። ይህኛው ከ26 ነው የሚጀምረው። አንድ ኩንታል አንድ ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። የመጀመሪያው ባር 1 ሴንቲ ሜትር፣ ሁለተኛው 2፣ ሦስተኛው 3.3 ይረዝማል። ዓይን የሚያየው ርዝመት ስለሆነ «ከሦስት እጥፍ በላይ» ይላል። ትክክለኛው ጭማሪ ከ27 ላይ 2.3 ነው፤ ወደ 8.5 በመቶ ገደማ። መስመሩ ከዜሮ ቢጀምር ባሮቹ 27፣ 28 እና 29.3 ሴንቲ ሜትር ይሆኑ ነበር፤ ከሩቅ ለሚያይ ሰው እኩል ናቸው ማለት ይቻላል።

ባር ሲሆን ከዜሮ መጀመር አለበት፤ የሚናገረው በርዝመቱ ነውና። በነጥብ የተያያዘ የመስመር ግራፍ ግን የግድ አይደለም። የደብረ ብርሃንን የየወሩን አማካይ ሙቀት ከዜሮ አስጀምራችሁ ብትስሉት በወራቱ መካከል ያለው ልዩነት ጠፍጣፋ መስመር ሊመስላችሁ ይችላል። መስመር ላይ የምታዩት ተዳፋቱን ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ልኬቱ በስንት በስንት እንደሚጨምር ማየት ግድ ይላል። አግድም መስመሩንም ተመልከቱ። ዓመቶቹ አንዳንዴ 2003፣ 2008፣ 2009፣ 2010 እየተባለ በእኩል ርቀት ይደረደራሉ። የአምስት ዓመቱ ለውጥ በአንድ ዓመት የመጣ ይመስላል።

በግራና በቀኝ ሁለት የተለያዩ ቋሚ መስመሮች ያሉት ግራፍ ሲመጣ እኔ ሁለት መስመሮች ተቆራረጡ ወይም ተከታተሉ የሚለውን ወሬ ጭራሽ አልሰማም። የአንዱን ልኬት ትንሽ ብታሸጋሽጉት መቆራረጫው ወዲያው ቦታ ይቀይራል። ቁጥሮቹን ወደ ወረቀት ገልብጡና ለየብቻ እዩአቸው።

ግርጌ ማስታወሻውን ከግራፉ ጋር አጋጥሙት

ከልምዴ ትልቁ ነገር ያለው እዚህ ነው። ግርጌ ማስታወሻ 1 «ከ2010/11 ጀምሮ» ይላል። ከዚያ በፊትስ? አባሪው ውስጥ የቀደሙትን ሁለት ዓመታት ሰንጠረዥ አውጥቼ አካፈልኩ። 2009/10 ላይ 800 ሄክታር ተዘርቶ 22,400 ኩንታል ተመርቷል። 22,400 ለ800፣ 28። ግራፉ ላይ ያለው 28 ራሱ ነው። የ2008/09ንም ሳካፍል እንደዚሁ 27 መጣ። የፊተኞቹ ሁለት ባሮች በተዘራ መሬት የተሰሉ ናቸው፣ ሦስተኛው ብቻ በታጨደ መሬት።

እንግዲህ ሦስቱንም በአንድ ሚዛን እናስቀምጣቸው። 2010/11 በተዘራ መሬት ሲሰላ 21,360 ለ800፣ 26.7 ነው። ሦስቱ ባሮች 27፣ 28፣ 26.7 ሆኑ። «ዕድገት» የተባለው ቅናሽ ሆኖ ተገኘ። ግራፉ ላይ ግን ኮከብም ቁጥርም የለም፤ ማስታወሻው የቀረው ሰንጠረዡ ሥር ነው። ግራፉን የሠራው ሰው ተንኮል አስቦ አይመስለኝም። የየዓመቱን የመጨረሻ ዓምድ ገልብጦ አስገባ፣ አለቀ።

ስለዚህ «ከዚህ ዓመት ጀምሮ»፣ «በአዲሱ ስሌት»፣ «በተሻሻለው» የሚል ቃል ያለው ማስታወሻ ስታገኙ የጊዜ ግራፉን ፈልጉና በዚያ ዓመት ላይ በእስክሪብቶ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩበት። ከመስመሩ ወዲህና ወዲያ ያለውን ሳታስተካክሉ አታወዳድሩ።

ምልክቶችም የየሪፖርቱ ናቸው። በአንዱ ሰረዝ «ምንም የለም» ነው፣ በሌላው «መረጃ አልተገኘም»። ባዶ ሳጥንን ዜሮ አድርጎ የሚደምር ሰው ያሳስታል። የ2016ቱ (በፈረንጆቹ) የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ጥሩ ምሳሌ ነው። እዚያ በቅንፍ የገባ ቁጥር ከ25 እስከ 49 ሰው ላይ ብቻ የተመሠረተ ነው፤ ከ25 ሰው በታች ሲሆን ቁጥሩ ተነሥቶ ኮከብ ይቀመጣል። ቅንፉን እንደ ጌጥ አይቶ ቁጥሩን ብቻ የሚገለብጥ ሰው፣ ሠላሳ ሰው ተጠይቆ የተገኘን መልስ የሕዝብ ሁሉ አደረገው ማለት ነው። ያ ጥናት የተዘጋጀው ክልልን እንዲወክል በመሆኑ ስለ ዞናችን ለብቻው ቁጥር አትፈልጉበት።

ርዕሱ የዘለለው

የግራፉ ርዕስ ሦስት ቃል ነበር፦ «የስንዴ ምርታማነት ዕድገት»። የጎደለውን ለማግኘት ሦስት ጥያቄ ይበቃኛል፦ የት ነው? ማን ቀረ? እንዴት ተለካ?

የት ለሚለው፣ ግራፉ ቦታ አይጠራም፤ አንባቢው ወረዳው ይመስለዋል። ሰንጠረዡ ግን «በተመረጡ 3 ቀበሌዎች» ይላል። «የተመረጡ» የሚል ቃል ባየሁ ቁጥር ማን መረጣቸው እላለሁ። በዕጣ ከሆነ ስለ ወረዳው የሆነ ነገር መናገር ይቻላል። መንገድ ዳር ያሉት ወይም ምርጥ ዘር የደረሳቸው ከሆኑ ስለ ራሳቸው ብቻ ነው የሚናገሩት።

ማን ቀረ ለሚለው፣ እዚህ የቀረው በረዶ የመታው 70 ሄክታር ነው። ሌላ ሪፖርት ላይ ሌላ ይቀራል። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ፣ የዛሬው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ ዋናው የመኸር ምርት ጥናት የሚለካው የግል ገበሬ ይዞታን ነው፤ ትላልቅ የንግድ እርሻዎች እዚያ ቁጥር ውስጥ የሉም። የዞን ድምር ሲሆን ደግሞ ከተማዋ ገብታለች ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

እንዴት ተለካ የሚለው ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል፣ ርዕስ ላይ ተጽፎም አያውቅም። አንዱ መንገድ ገበሬውን ወይም የልማት ሠራተኛውን ጠይቆ መገመት ነው። ሌላው ከማሳው ላይ ትንሽ ካሬ ለክቶ አጭዶ መመዘን ነው። ካሬው 4 በ4 ሜትር ነው እንበል፤ 16 ካሬ ሜትር። ከእሱ 4.8 ኪሎ ስንዴ ከተገኘ፣ ለ16 ተካፍሎ በ10,000 ሲባዛ 3,000 ኪሎ፣ ማለትም 30 ኩንታል በሄክታር ይሆናል። አሁን እህሉ ሳይደርቅ ተመዝኖ ግማሽ ኪሎ ውሃ ይዞ ነበር ብላችሁ አስቡ። ግማሽ ኪሎዋ በሄክታር 3 ኩንታል ከምናምን ሆና ትወጣለች። ግራፉ ላይ የተጨበጨበለት ጭማሪ 2.3 ነበር! ስለዚህ ሚዛን ላይ ሲወጣ ደርቆ ነበር ወይ፣ ስንት ካሬ ታጨደ፣ በሦስቱም ዓመት መንገዱ አንድ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከነጥብ በኋላ ያለችው «.3» እዚህ ላይ ምንም ክብደት የላትም።

ርዕሱን እንደ አዲስ ጻፉት

ሁሉን ከጨረስኩ በኋላ ሪፖርቱን ላዘጋጀው ባለሙያ ደወልኩለት። «ወንድሜ፣ የ2009/10 የታጨደ መሬት ስንት ነበር?» አልኩት። መዝገብ አገላብጦ «780» አለኝ። 22,400 ለ780 ሲካፈል 28.7 ነው። ሁለቱ ዓመታት በሁለቱም ሚዛን ተገኙ ማለት ነው። በታጨደ መሬት ከ28.7 ወደ 29.7 ከፍ ብሏል። በተዘራ መሬት ከ28 ወደ 26.7 ወርዷል። ሁለቱም እውነት ነው፤ የተረፈው ማሳ ትንሽ የተሻለ ሰጥቷል፣ በረዶው ግን ከዚያ የበለጠ ወስዷል። የመለካቱ ስሕተት ደግሞ አንዷን ኩንታል ጭማሪ በቀላሉ ሊውጣት ይችላል።

ግራፉን ለማኅበሩ ስብሰባ ሳቀርብ ከሥሩ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «በ3 ቀበሌዎች ከተዘራ መሬት የተገኘ ስንዴ፣ ኩንታል በሄክታር። 2009/10፦ 28፣ 2010/11፦ 26.7። በ2010/11 ቀበሌ 02 ላይ 70 ሄ/ር በበረዶ ጠፍቷል። ቋሚው መስመር ከዜሮ ይጀምራል። ቀበሌዎቹ እንዴት እንደተመረጡ ሪፖርቱ አይገልጽም።» ረዘመ አሉኝ። ሊቀ መንበሩ ግን መነጽራቸውን አጥልቀው እስከ መጨረሻው አነበቡትና «ለከርሞው ጆንያ በየትኛው ነው የምታሰላው?» ብለው ጠየቁኝ። «በተዘራው» አልኳቸው።